ጠዋት የሚያነክሰው አዲስ ሯጭ

ጥቅምት ላይ በማለዳ መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው ያየዋል። ታላቁ ሩጫ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረመው ሁሉ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ይለዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብዙ ሳይቆዩ፣ ከአልጋ ወርደው መሬት ሲረግጡ ከተረከዛቸው በላይ ከኋላ በኩል ቀጨም አድርጎ ይይዛቸዋል። እያነከሱ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ትንሽ ሲራመዱ ይለቃቸዋል። ሩጫውን ሲጀምሩም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያማቸውና ሰውነታቸው ሲሞቅ ሕመሙ ይጠፋል። “ሲሮጡበት ይሻለዋል” ብለው ይቀጥላሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ብሶ ይጠብቃቸዋል።

የሚያመው አኪለስ የሚባለው ጅማት ነው። የባታችን ሁለት ትልልቅ ጡንቻዎች ወደ ታች እየጠበቡ መጥተው ተረከዝ አጥንት ላይ የሚያያዙት በእሱ ነው። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ የክብደታችንን ከ6 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይስበዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ400 ኪሎ በላይ ነው። ደረጃና ዳገት ተረከዝን ወደ ታች እየለጠጡ ስለሚያሠሩት ጫናውን ይጨምሩበታል።

ችግሩ የፍጥነት ልዩነት ነው። ልብና ሳንባ ሩጫን በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፣ ጡንቻም ብዙ አይዘገይም፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ባለው አንድ ቀን ገደማ ጅማቱ ውስጥ የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያሸንፈው ከዚያ ወዲያ ነው። በየቀኑ የሚሮጥ ጀማሪ እንግዲህ ግንባታው ሳይጀመር እንደገና ያፈርሳል። በዚህ ሁኔታ ሲሰነብት የጅማቱ ጭረቶች ሥርዓታቸውን ያጣሉ፣ ጅማቱም ይወፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚታየው ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ያማል። ዋናው ነገር የጅማቱ መዋቅር መለወጥ ስለሆነ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ስሜቱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጅማቱን አይጠግነውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ሊበጠስ ነው” ብሎ ይደነግጣል። መበጠስ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጅማታቸው ከሚበጠስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ምንም ሕመም አልነበራቸውም። ዓይነተኛው ተጎጂ በ30ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ የሚጫወት ወንድ ነው። በድንገት ሲፈተለክ “ጧ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ማን መታኝ ብሎ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ከኋላው ግን ማንም የለም። ሕመሙ ሊበርድ ይችላል፤ እያነከሰም ቢሆን መራመድና እግሩን ወደ ታች መግፋት አያቅተው ይሆናል፣ ሌሎች ትናንሽ ጡንቻዎች ያግዙታልና። የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ወለምታ ነው ተብሎ ይታለፋል።

መለያው ቀላል ነው። በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ በጣቶቹ መነሣት አይችልም። ከዚያም በሆዱ ይተኛና እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ ወጣ ይበሉ፤ ሌላ ሰው ባቱን ጨመቅ ያድርገው። ጅማቱ ደህና ከሆነ መዳፉ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ከተበጠሰ ዝም ይላል። ዝም ካለ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሸት ቀን ማባከን ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ጣቶቹን ወደ ታች አድርጎ በሚይዝ ጄሶ ወይም ቦት ያለ ቀዶ ሕክምናም ሊድን ይችላል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን የተበጠሱት ጫፎች ስለሚራራቁ ሥራው ይከብዳል።

ወደ ጠዋቱ ሕመም እንመለስ። የተለመደው ምክር “ዕረፍ” ነው። ያረፈ ጅማት ሕመሙ ይለቀዋል፤ ጥንካሬው ግን አይጨምርም፣ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ሩጫው ሲመለስ ሕመሙም ይመለሳል። ይህን አስተሳሰብ የቀየረው ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነው። እሱ ራሱ ሯጭ ነበር፤ ጅማቱም ታሞበት ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቻቸው ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው እያወረዱ ለ12 ሳምንት እንዲሠሩ አደረገ፤ ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ፣ ሕመሙ በልክ እስከተያዘ ድረስ ሩጫን ጨርሶ ማቆም እንደማያስፈልግ አሳዩ።

ልኩ ምንድን ነው? አንድ የ38 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ቅዳሜ ደረጃ ጨምሯል፤ በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ማነከስ ጀመረ። መጀመሪያ ደረጃውን፣ ዳገቱንና ፍጥነቱን ያቆማል። ሩጫውን አንድ ቀን እያሳለፈ፣ ሜዳ ላይ፣ ወሬ በሚያስወራ ዝግታ 20 ደቂቃ ያደርገዋል። ከ10 ነጥብ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ይታገሣል፣ 5 የመጨረሻው ወሰን ነው። ዋናው ፈተና ግን በማግስቱ ጠዋት ነው፦ አያያዙ ከትናንቱ ካልባሰ ጫናው ልክ ነበር፤ ከባሰ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ 12 ወይም 15 ደቂቃ ይቀንሳል።

ከሩጫው ጎን በሁለት እግሩ ቆሞ ተረከዙን በ3 ሴኮንድ ያነሣል፣ በ3 ሴኮንድ ያወርዳል፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እያሳለፈ። ሲቀለው በአንድ እግር፤ እሱም ሲቀለው 5 ኪሎ ስኳር የያዘ ቦርሳ አዝሎ። ክብደቱ መጨመር አለበት፤ ሳይጨምሩ መቶ ጊዜ መደጋገሙ ብዙ አይፈይድም። ሕመሙ እላይ ሳይሆን ተረከዝ አጥንቱ ላይ ከሆነ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ይሥራ፤ ተረከዝን ዝቅ ማድረግ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይጫነዋል። ሲሻለው መጀመሪያ ደቂቃውን፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን፣ በመጨረሻ ዳገቱን ይመልሳል። ይህ ሁሉ 3 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት ሳምንት ሞክሮ “አልሠራም” ማለት አይቻልም።

አገራችን ውስጥ ሲፕሮ የማይዋጥበት ሕመም ስለሌለ አንድ ነገር ልጨምር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ጅማትን ሊያሳምሙ፣ ሊያስበጥሱም ይችላሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ከባድ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ አስጽፎባቸዋል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ይብሳል። መድኃኒቱን እየወሰዱ የተረከዝዎ ጅማት ካመመዎት ሩጫውን አቁመው ላዘዘልዎት ሐኪም ወዲያውኑ ይንገሩ።

ታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ ነው። ልምምዱን ከነሐሴ ጀምሮ ቀስ ብሎ ማሳደግ ይበቃል። ጥቅምት ላይ ጀምረው ጠዋት ጠዋት የሚያነክሱ ከሆነ ግን የዘንድሮውን 10 ኪሎ ሜትር በእግርዎ ይጓዙት፤ የሚሮጡት ለከርሞ ይሁን።