ያውቁ ኖሯል? ኤሌክትሮኖች ቦታ ሲለዋወጡ

ሂሊየም በአንድ ወቅት የሁለት ጋዞች ድብልቅ ነው ተብሎ ይታሰብ እንደነበር ያውቁ ኖሯል?
በ1895 ሩንገ እና ፓሸን የተባሉ ጀርመናውያን የፊዚክስ ሊቃውንት የሂሊየምን ብርሃን በቀለማቱ ዘርዝረው ሲመለከቱ መስመሮቹ በሁለት የተለያዩ ወገኖች ተከፍለው አገኟቸው። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ስለዚህ ሁለት ጋዞች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ጋዙ ግን አንድ ነው። ምስጢሩ የተፈታው ከ31 ዓመት በኋላ ነው፤ የተደበቀውም በአንዲት የመቀነስ ምልክት ውስጥ ነበር።

ሁለት ኤሌክትሮኖችን አንዱን ከሌላው መለየት እንደማይቻል ያውቁ ኖሯል?
ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች እንኳ ጠጋ ብሎ ላያቸው ይለያያሉ፤ አንዱ ጭረት ይኖረዋል፤ ሌላው ጠርዙ ይበላል። ኤሌክትሮን ግን ጭረት የለውም። የሁሉም ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ፣ ቻርጅ እና ስፒን አንድ ነው። «እሺ፣ ከዓይኔ ሳላጠፋ ልከታተለው» ማለትም አያዋጣም። ኤሌክትሮን እንደ ኳስ መስመር ይዞ አይጓዝም፤ ሞገድ ነው። የሁለቱ ሞገዶች ከተደራረቡ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚናገር ምንም ነገር በተፈጥሮ ውስጥ የለም።

ከዚህ ተነስቶ የሚደረሰው ስሌት አንድ መስመር ብቻ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?
የሁለቱን ኤሌክትሮኖች ሁኔታ የሚገልጸውን የሞገድ ፈንክሽን ψ(1,2) እንበለው። የሚለካው ነገር፣ ማለትም የት የመገኘት ዕድላቸው፣ የሚወጣው ከፈንክሽኑ ካሬ ነው። ሁለቱን ብናለዋውጣቸው የሚለካ ነገር መለወጥ የለበትም። ስለዚህ ፈንክሽኑ ቢለወጥ እንኳ በአንድ ቁጥር ብቻ ቢባዛ ነው፦

ψ(2,1) = c·ψ(1,2)

አሁን እንደገና እናለዋውጣቸው። ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ c² = 1 ነው፤ c ደግሞ ወይ +1 ወይ −1 ይሆናል። +1 ከሆነ ፈንክሽኑ ሲሜትሪካዊ ይባላል፤ −1 ከሆነ አንቲሲሜትሪካዊ። በሦስት አቅጣጫ በተዘረጋው ዓለማችን ሦስተኛ ምርጫ ተገኝቶ አያውቅም።

ተፈጥሮ ሁለቱንም ምርጫዎች እንደምትጠቀም ያውቁ ኖሯል?
ስፒናቸው ሙሉ ቁጥር የሆኑት፣ ለምሳሌ የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን፣ የመደመር ምልክቱን ይይዛሉ። በሕንዳዊው ሳትየንድራ ናት ቦዝ ስም ቦዞን ይባላሉ። ስፒናቸው ግማሽ የሆኑት ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶን እና ኒውትሮን ደግሞ የመቀነስ ምልክቱን ይይዛሉ፤ በጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፌርሚ ስም ፌርሚዮን ተብለዋል።

የፓውሊ የማግለል መርህ ከዚህች የመቀነስ ምልክት በቀጥታ እንደሚወጣ ያውቁ ኖሯል?
ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 «በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም» ሲል ሕጉን ያወጣው የአቶሞችን ብርሃን አጥንቶ እንጂ ከሌላ መርህ አስልቶ አልነበረም። ምክንያቱ የታየው በማግስቱ ዓመት ነው። አንዱ ኤሌክትሮን a የተባለውን ሁኔታ፣ ሌላው b የተባለውን ቢይዙ አንቲሲሜትሪካዊው ፈንክሽን እንዲህ ይጻፋል፦

ψ = a(1)b(2) − a(2)b(1)

አሁን b የሚለውን አጥፍተን a እንተካ። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ይሆኑና ውጤቱ ዜሮ ይመጣል። ዜሮ ማለት ያ ሁኔታ በተፈጥሮ የለም ማለት ነው። ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋ አዲስ ኃይል እንደሌለ ልብ ይበሉ፤ ክልከላው የመጣው ከምልክቱ ብቻ ነው።

ታዲያ የሂሊየም ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ምሕዋር እንዴት እንደሚጋሩ ያውቁ ኖሯል?
በስፒናቸው ይለያያሉ። ሙሉው ፈንክሽን የቦታ ክፍል እና የስፒን ክፍል አለው፤ አንቲሲሜትሪካዊ መሆን ያለበት የሁለቱ ብዜት ነው። ሁለቱም ዝቅተኛውን ምሕዋር ሲይዙ የቦታው ክፍል ሲሜትሪካዊ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ የመቀነስ ምልክቱን የስፒን ክፍሉ ይሸከማል፤ ስፒኖቹም ተቃራኒ ይሆናሉ። ሦስተኛ ኤሌክትሮን ያለው ሊቲየም ግን ሦስተኛውን የሚያስገባበት የለውም፤ ወደ ላይኛው ምሕዋር ይልከዋል። ለዚህ ነው ከሂሊየም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል 24.6 ኤሌክትሮን ቮልት ሲያስፈልግ ለሊቲየም 5.4 የሚበቃው።

«ሁለቱ ጋዞች» በእርግጥ ምን እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል?
አንዱን የሂሊየም ኤሌክትሮን ወደ ሁለተኛው ምሕዋር ብናወጣው ሁለት መንገድ ይከፈታል። ወይ ቦታው ሲሜትሪካዊ ሆኖ ስፒኑ አንቲሲሜትሪካዊ ይሆናል፤ ወይ በተገላቢጦሽ። የመጀመሪያው ከመነሻው 20.62 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው 19.82 ብቻ። ልዩነቱ የስፒኖቹ ማግኔታዊ መሳሳብ ወይም መገፋፋት አይደለም፤ ያ በሺዎች እጥፍ ያንሳል። የቦታው ክፍል አንቲሲሜትሪካዊ ሲሆን ሁለቱ ኤሌክትሮኖች በአንድ ነጥብ የመገናኘት ዕድላቸው ዜሮ ነው። ብዙ መጻሕፍት «ስለሚራራቁ መገፋፋታቸው ይቀንሳል» ብለው ያልፉታል። ጠለቅ ያለው ስሌት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ እርስ በርስ ስለሚሸሹ አንዱ ለሌላው ኒውክሊየሱን ያን ያህል አይጋርድበትም፤ ኒውክሊየሱም አጥብቆ ይስባቸዋል። ይህን የሁለት ወገን አወቃቀር በ1926 የገለጠው ቨርነር ሃይዘንበርግ ነው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በብርሃን መሻገር እጅግ ከባድ በመሆኑ በ19.82 ላይ ያለ ብቸኛ አቶም በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ይቆያል። ሩንገን እና ፓሸንን ያሳሳታቸውም ይኸው አለመሻገር ነው።

የመለዋወጡ ስሌት ኤሌክትሮን ለምን የመቀነስ ምልክቱን እንደያዘ እንደማይነግረን ያውቁ ኖሯል?
ስሌቱ ሁለት በሮችን ብቻ ያሳያል፤ ማን በየትኛው እንደሚገባ አይወስንም። ስፒንን ከምልክቱ ጋር ያሰረውን ማረጋገጫ ማርኩስ ፊርዝ በ1939፣ ፓውሊ በ1940 አቀረቡ፤ ለዚህም የኳንተም ሕጎችን ከአንስታይን ልዩ አንጻራዊነት ጋር ማጣመር ግድ ሆኖባቸዋል። ሪቻርድ ፋይንማን ለተማሪዎቹ ባስተማረበት ወቅት ለዚህ ጉዳይ ቀላል ማብራሪያ ማግኘት እንዳልቻለ በግልጽ ተናግሯል።

የፓውሊ የማግለል ሕግ ዛሬም እየተፈተነ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?
በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዎች በመዳብ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት እየለቀቁ አዳዲስ ኤሌክትሮኖችን ያስገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ሕጉን ጥሶ ሁለት ኤሌክትሮን ወደያዘው የመዳብ ውስጠኛ ምሕዋር ቢወድቅ የሚወጣው ኤክስሬይ ከተለመደው 8 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ በ7,700 አካባቢ መታየት ነበረበት። እስከ አሁን ሕጉ ለመጣሱ ማስረጃ የሚሆን ምልክት አልተገኘም።