የሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት በበርሊን ስንት ሰዓት ነው?

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አንዲት እጩ መምህርት በርሊን ለሚገኝ አንድ ተቋም የምትልከውን ኢሜይል እንዳይላት ወደ ክፍሌ መጣች። ስሟ፣ ለቃለ መጠይቁ የሚመቻት ቀንና ሰዓት፣ የምትጠይቀውም ገንዘብ በውስጡ ሰፍሯል። ሰዋስዉ የሚነቀፍ አልነበረም። «በቃ፣ ላኪው» ልላት ነበር፤ ግን ቆም አልኩ። ድርሰት ስናርም ዓይናችን ሐሳቡን ተከትሎ ይሮጣል። ስምና ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚከተለው ሐሳብ ስለሌለ ዘሎ ያልፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የተቀባዩን አድራሻ ከላይ ሰረዝነው። አድራሻ የሌለው ኢሜይል ጣት ቢስትም አይሄድም። ከዚያም ጽሑፉን አራት ጊዜ አየነው፤ በየጊዜው የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ስሙ ቀላል ነበር። እሷ ፓስፖርቷን ይዛ ፊደል በፊደል ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ፅጌረዳ የሚለውን ስም አንዱ Tsigereda፣ ሌላው Tsegereda ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ ጆሮ ያው ነው፤ ለውጭ አገር ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ነው። ማመሳከሪያው ፓስፖርቱ ይሁን እንጂ ያለፈው ኢሜይል አይሁን፤ ያለፈው ከተሳሳተ ስሕተቱንም አብረን እንገለብጣለንና።

ቀጥሎ ቀኑ። የመረጠችው ሰኞ ጥቅምት 17 ነው። በ2018 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ስለሆነ፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ጥቅምት 17 ደግሞ ኦክቶበር 27 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ፣ እንደ 2016 እና እንደ 2020 ባለው ዓመት፣ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እስከ የካቲት 21 ድረስም ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ታዲያ ስሕተቱ በምን ይታወቃል? በዕለቱ ስም! የወሩና የዓመቱ ቁጥር ይለያይ እንጂ ሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ሰኞ ነው። የፈረንጁን ካላንደር ገልጠን ኦክቶበር 27 ሰኞ ካልሆነ ስሌታችን ተሳስቷል ማለት ነው። ሆኖ አገኘነው። የወሩን ስምም በፊደል አስጻፍኳት፤ 5/11 ብሎ መጻፍ ለአንዱ ኖቬምበር 5፣ ለአሜሪካኑ ሜይ 11 ነውና።

ዋናው ጉድ የተገኘው ሰዓቱ ላይ ነው። የእኛን ጠዋት 4 ሰዓት 6 ጨምራ 10:00 ብላለች፤ ትክክል ነው። የበርሊኑን ግን 9:00 ብላ ጽፋለች። «እንዴ፣ አሁን ስልኬ ላይ አይቼ እኮ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያን ዕለት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነበር። ነገር ግን በጀርመን በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ እሑድ ጥቅምት 16፣ ማለትም የቃለ መጠይቁ ዋዜማ ነበር። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሰኞ ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። እነሱ በራሳቸው 9:00 ቢመጡ ለእኛ 5 ሰዓት ነው፤ በ5 ሰዓት ደግሞ እሷ የማስተማር ልምምድ ፈተና ነበረባት። ልዩነቱን መጠየቅ የሚገባው ለቀጠሮው ዕለት ነው እንጂ ለተጻፈበት ዕለት አይደለም። እንዲህ ብለን አስተካከልነው፦

```
Monday, 27 October 2025
10:00 Addis Ababa (UTC+3)
08:00 Berlin (UTC+1)
```

የቀረው ገንዘቡ ነው። ትራንስፖርት 780፣ መጠለያ 390፣ መድን 80 ዩሮ፤ ድምር 1,200 ይላል። ከታች ወደ ላይ ስንደምረው 1250 መጣ። ለካ ትራንስፖርቱን ከ730 ወደ 780 ስታሻሽል ድምሩን ረስታዋለች። ነጠላ ሰረዙንም አስወጣሁት፤ ጀርመኖች ሺሕን የሚለዩት በነጥብ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ለእነሱ የሳንቲም መለያ ነው። EUR 1250 ብላ፣ በፊደልም ደግማ ጻፈችው። በመጨረሻ አድራሻውን ሞልታ ላከችው። ሁሉ ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ መልስ መጣ፦ «8:00 ለእኛ ማልዶ ነው፤ በበርሊን 12:00 ይሁን» ይላል። እየሮጠች መጥታ «መምህር፣ ማታ 12 ሰዓት ነው እንዴ?» አለችኝ። ወንበር ሰጠኋትና ወረቀት ላይ አሰላነው፦ በርሊን 12:00፣ አዲስ አበባ 14:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት።