መብራት ሲጠፋ የሚናገር ቻርጀር

ጁባ ከዓመታት የጄነሬተር ኑሮ በኋላ የከተማ መብራት ያገኘችው በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የኤዝራ ኩባንያ 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ የናፍጣ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ነው። ቆጣሪው ቅድመ ክፍያ ነው። ስለዚህ ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት የሚጨልመው መስመር ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን የተሞላው ሂሳብ ሲያልቅም ነው። በሁለቱም ጊዜ ራውተሩ ይጠፋል፤ ኢንተርኔት የሚልክለት ማማ ግን በራሱ ባትሪ ወይም ጄነሬተር እየሠራ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው በአዳፕተሩና በራውተሩ መካከል የሚገባ ትንሽ የባትሪ ሣጥን ነው። ሲገዙት ግን ስሌቱን ማወቅ ይበጃል። ሣጥኑ ላይ «8800 ሚሊአምፒር ሰዓት» ከተጻፈ፣ ቁጥሩ የሚባዛው ራውተሩ በሚፈልገው 12 ቮልት ሳይሆን በውስጡ ባሉት የባትሪ ፍሬዎች 3.7 ቮልት ነው፤ 32 ተኩል ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ቮልቱን ወደ 12 ሲያሳድግ ጥቂቱ በሙቀት ይባክንና 27 ገደማ ይተርፋል። 7 ዋት ለሚበላ ራውተር ይህ ለአራት ሰዓት ትንሽ ይጎድለዋል። በ12 ያባዛ ገዢ ግን 15 ሰዓት ጠብቆ ሻጩን ሲረግም ያመሻል። አንዳንዴ እርግማኑ ተገቢ ነው፦ የተለመደው ጣት የሚያህል የሊቲየም ፍሬ ጥሩ የሚባለው እንኳ ከ3500 ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ሁለት ፍሬ ብቻ ይዞ 8800 የሚል ሣጥን ይዋሻል። አንዱ ፍሬ 45 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሣጥኑን በእጅ ማንሳት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሣጥኑ ሥራውን በደንብ ከሠራ ሌላ ችግር ይመጣል። ከቤት ውጭ ላለው ሰው ኢንተርኔቱ እንዳለ ስለሚታየው፣ ማቀዝቀዣው መቆሙን ባትሪው እስኪያልቅ አያውቅም። ለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ የሚሠራውም ኢኤስፒ 8266 በተባለች ዋይፋይ ባላት ርካሽ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዋ ኃይል የምታገኘው ከባትሪው ሣጥን ነው። የምትከታተለው ግን ግድግዳ ላይ የተሰካ ተራ የስልክ ቻርጀር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ማንም የ230 ቮልት ሽቦ አይነካም። የቻርጀሩ 5 ቮልት ሰሌዳዋን ስለሚጎዳ፣ በ10 ኪሎኦምና በ15 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ተከፍሎ 3 ቮልት ሆኖ ይገባል። የቻርጀሩና የሰሌዳዋ ኔጌቲቭ መገናኘት አለበት። 3ቱ ቮልት ሲጠፋ ሰሌዳዋ ግማሽ ደቂቃ ትታገሣለች፤ ካልተመለሰ በቴሌግራም «መብራት ጠፋ» ትላለች። ትዕግሥቱ ከሌለ በእያንዳንዷ ብልጭታ መልእክት ይጎርፋል።

ቤቱ ጄነሬተር ካለው፣ ቻርጀሩ ከመቀያየሪያው በፊት፣ በከተማው መስመር በኩል መሰካት ይኖርበታል፤ ያን ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ያውጣው። አለዚያ ጄነሬተሩ ሲነሳ ሰሌዳዋ መብራት መጣ ብላ ታበስራለች። ማማውም አብሮ ከጠፋ መልእክቱ መውጫ የለውም። ለዚህ ሰሌዳዋ በየአምስት ደቂቃው «አለሁ» የሚል ምልክት ወደ ውጭ ሰርቨር ትልካለች፤ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ከቀረ ባለቤቱን የሚጠራው ሰርቨሩ ይሆናል። የመስመር መቋረጥን ከሂሳብ ማለቅ ግን ይህ ሁሉ አይለይም፤ ለዚያ ጎረቤት ደውሎ «እናንተ ጋ መብራት አለ?» ማለት ይቀላል።