ካሪሊየን ከመውደቁ በፊት መዝገቡ ምን ይል ነበር?

ካሪሊየን ሆስፒታል የሚገነባ፣ መንገድ የሚዘረጋ፣ የእስር ቤቶችንና የትምህርት ቤቶችን ጥገና በኮንትራት የሚያካሂድ ትልቅ የብሪታንያ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2017 የጸደቀው የ2016 የሒሳብ መግለጫው ሀብቱ ከዕዳው በ730 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚበልጥ ያሳያል። የውጭ ኦዲተሩ ኬፒኤምጂም ያለ ተቃውሞ ፈርሞበታል። አራት ወር አልፎ ጁላይ 10 ላይ ኩባንያው ከሥራ ውሎቹ 845 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ እንደሚመዘግብ አስታወቀ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2018 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈርስ ተወሰነ። በዚያ ቀን በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ዕዳው ግን ወደ 7 ቢሊዮን ይጠጋል።

የ730 ሚሊዮኑ ሀብት በአሥር ወር ውስጥ የት ገባ? መልሱ ያለው እያንዳንዱ የሒሳብ መግለጫ በሚቆምበት አንድ ግምት ላይ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች የቀጣይነት ታሳቢ ይሉታል። ድርጅቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራውን ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ሊዘጋ አላሰበም፣ ለመዝጋትም የሚያስገድደው ነገር የለም ብሎ መነሣት ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ማሽን በ20 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ አሥር ዓመት ያገለግላል ከተባለ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ 12 ሚሊዮን ሆኖ ይታያል። ይህ ቁጥር ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። በቀሩት ስድስት ዓመታት ሥራ ላይ የሚውለው የወጪ ቀሪ ነው። ድርጅቱ ስድስት ዓመት የማይኖር ከሆነ ግን 12 ሚሊዮኑ ምንም ትርጉም የለውም።

የካሪሊየንን የ2016 መግለጫ በዚህ ዓይን ማየት ያስደነግጣል። ከሀብቱ ውስጥ 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ የሚሆነው ጉድዊል ነበር። ሌሎች ኩባንያዎችን ሲገዛ ከተጨባጭ ንብረታቸው ዋጋ በላይ የከፈለው ገንዘብ ማለት ነው። ጉድዊል ተነጥሎ አይሸጥም፤ ዋጋ የሚኖረው የተገዛው ሥራ ወደፊት ትርፍ ካመጣ ብቻ ነው። ያንን አንድ መስመር ከመግለጫው ብናወጣው የ730 ሚሊዮኑ ትርፍ ሀብት ወደ 840 ሚሊዮን ጉድለት ይለወጣል። ሌላ አንድም ቁጥር መንካት አያስፈልግም። የኩባንያው ጤንነት በሙሉ የተንጠለጠለው «ይቀጥላል» በሚለው ግምት ላይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ግምት አጠራጣሪ መሆኑን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይቻል ነበር? ከሞላ ጎደል ይቻል ነበር፤ ምልክቶቹ ግን ትርፍ በሚጻፍበት ገጽ ላይ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ምልክት የዕዳው መጠን ነው። በ2016 መጨረሻ የተጣራ ብድሩ 219 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ያው ሪፖርት የዓመቱን አማካይ ብድር ሲገልጽ ግን 587 ሚሊዮን ገደማ ይላል። ኩባንያው ዓመቱን በሙሉ ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ሲጓዝ፣ ሒሳቡ በሚዘጋበት ዕለት ብቻ ሸክሙ ቀሎ ይታያል። ከደንበኞች ገንዘብ ቶሎ በመሰብሰብና ለአቅራቢዎች የሚከፈለውን በማዘግየት ይህን ማድረግ አያስቸግርም። በእኔ እምነት ከሁሉም ምልክቶች ይህ በጣም የሚናገር ነው፤ የአንድ ቀን ሥዕልና የአንድ ዓመት ኑሮ ሲራራቁ የሚታመነው ኑሮው ነው።

ሁለተኛው ምልክት አቅራቢዎች ላይ ታየ። ካሪሊየን ለንዑስ ተቋራጮቹ የሚከፍልበትን ጊዜ እስከ 120 ቀን አራዝሞ ነበር። ቶሎ ገንዘብ የፈለገ አቅራቢ ባንኩ ጥቂት ቀንሶ ቀድሞ ይከፍለዋል፤ ካሪሊየን ደግሞ በኋላ ለባንኩ ይመልሳል። በተግባር ይህ ከባንክ መበደር ነው። በመግለጫው ላይ ግን ከብድር ጋር ሳይሆን ከሌሎች ተከፋዮች ጋር ተደምሮ ተጻፈ። ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ መዳቢ በኋላ እንደገመተው በዚህ መንገድ ከብድር ውጭ የታየው ዕዳ እስከ 498 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርስ ነበር።

ሦስተኛው፣ ትርፍ ይመዘገባል እንጂ ገንዘቡ አይገባም ነበር። የግንባታ ድርጅት ሥራው በሄደበት መጠን ገቢ ይመዘግባል፤ ደንበኛው ገና ያልተስማማበትን የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ ጭምር «እናገኘዋለን» ብሎ ሊያስገባ ይችላል። የሊቨርፑሉ ሮያል ሆስፒታል አግዳሚ ተሸካሚዎች ሲሰነጠቁና የዶሃው የምሸረብ ፕሮጀክት በክፍያ ክርክር ሲታሰር እነዚህ ተስፋዎች አንድ በአንድ ረገፉ። በዚህ ሁሉ መሐል ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ማከፋፈሉን አላቆመም። 55 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነው የመጨረሻው ክፍያ የወጣው ጁን 9 ቀን 2017፣ ከኪሳራው ማስታወቂያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው።

በሌላ ድርጅት ምልክቱ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ከባንክ ጋር የተገባን የብድር ግዴታ መጣስ፣ የሥራ ፈቃድ ማጣት፣ ገቢው የተመሠረተበት አንድ ትልቅ ደንበኛ መሄድ፣ አጭር ብድርን በአጭር ብድር መክፈል። በእኛ አገር ብር ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር ተበድሮ በብር የሚሸጥ ድርጅት አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው በብር ሲሰላ አብጦ አደረ። እንዲህ ያለ ድርጅት የቀጣይነት ጥያቄን በቁም ነገር የማየት ግዴታ አለበት።

ግዴታው በመጀመሪያ የሚወድቀው በሥራ አመራሩ ላይ ነው፤ ኦዲተሩ የሚፈትሸው አመራሩ የደረሰበትን ድምዳሜ ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አመራሩ ሒሳቡ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ወደፊት እንዲመለከት ይጠይቃል። ካሪሊየን የተዘጋውን ሒሳብ ተከትሎ አሥራ ሁለት ወር ኖሯል፤ የፈረሰው ከዚያ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። የብሪታንያ ደንብ ግን ጊዜውን የሚቆጥረው መግለጫው ከጸደቀበት ቀን፣ ማለትም ከማርች 1 ስለነበር ውድቀቱ በግምገማው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ወራት ይህን ያህል ልዩነት ስላመጡ ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃም በቅርቡ ተሻሽሎ አቆጣጠሩ መግለጫው ከጸደቀበት ቀን እንዲጀምር ተወስኗል። ኬፒኤምጂን በተመለከተ፣ የብሪታንያው ተቆጣጣሪ በካሪሊየን ኦዲት ጉድለት ምክንያት በኦክቶበር 2023 የ21 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት።

ግምገማው ሲያልቅ ድርጅቱ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬ የለም፤ ስለ ጉዳዩም ብዙ አይጻፍም። ሁለተኛው ሁኔታ አንባቢን የሚያሳስት ነው። ድርጅቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ ብድር ማግኘትን ወይም ሌላ ያልተረጋገጠ ነገርን ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ በመግለጫው ላይ አንድም ቁጥር አይለወጥም። ማሽኑ 12 ሚሊዮን እንደሆነ ይቀጥላል። የሚጨመረው ጽሑፍ ነው፤ በማብራሪያ ክፍሉ ውስጥ ከፍተኛ ጥርጣሬ መኖሩን የሚናገር አንቀጽ፣ በኦዲተሩ ሪፖርት ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ርእስ። የኦዲተሩ አስተያየት «ትክክለኛ ነው» ማለቱን አያቆምም። ስለዚህ የአስተያየቱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ባለአክሲዮን ማስጠንቀቂያው ፊቱ ተቀምጦ ሳያየው ይቀራል። አመራሩ ጥርጣሬውን ከደበቀ ነው ኦዲተሩ አስተያየቱን የሚገድበው ወይም የሚቃወመው።

እዚህ ላይ አመራሮች የሚያነሡት ስጋት እውነት አለው። ያ አንቀጽ ሲወጣ ባንኩ ይፈራል፣ አቅራቢው በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አልሸጥም ይላል፣ ሊተርፍ ይችል የነበረ ድርጅትም በማስጠንቀቂያው ሊወድቅ ይችላል። ሆኖም የካሪሊየን 30,000 ያህል አቅራቢዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያበድሩት ኖረው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሳይከፈላቸው ቀርተዋል። ዝምታው የአመራሩን ጊዜ ሲያራዝም ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ሁኔታ ግምቱ ጨርሶ ሲወድቅ ነው፤ ድርጅቱ ሊዘጋ ወስኗል ወይም ከመዝጋት ሌላ እውነተኛ አማራጭ የለውም። ቁጥሮቹ የሚለወጡት አሁን ነው። አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ እናስብ። ማሽኑ 12 ሚሊዮን፣ በከፊል ያለቀ ዕቃው 6 ሚሊዮን፣ አስቀድሞ የከፈለው የማይመለስ ኪራይ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 19 ሚሊዮን ብር ሀብት አለው። ለባንክ 10፣ ለአቅራቢዎች 4 ሚሊዮን ዕዳ ስላለበት የባለቤቱ ድርሻ 5 ሚሊዮን ነው።

ፋብሪካው ሊዘጋ ነው እንበል። ማሽኑ በሐራጅ 5 ሚሊዮን ያወጣ ይሆናል፤ ያላለቀው ዕቃ የሚጨርሰው ሰው ስለሌለ 2 ሚሊዮን፤ ኪራዩ ዜሮ። 19 የነበረው 7 ሚሊዮን ሆነ። ዕዳው ግን አይቀንስም። ባንኩ በአምስት ዓመት ሊሰበስበው የነበረውን ብድር ዛሬውኑ ይጠይቃል፣ ስለዚህ የረዥም ጊዜ ዕዳ የሚባለው መደብ ይጠፋና ሁሉም አሁን የሚከፈል ይሆናል። ሠራተኞቹ እንደሚሰናበቱ ሲረጋገጥ 2 ሚሊዮን የስንብት ክፍያ ይጨመራል። የባለቤቱ 5 ሚሊዮን 9 ሚሊዮን ጉድለት ሆኖ ይወጣል። በመካከሉ የተሰረቀ ገንዘብ የለም፤ የተለወጠው የመለኪያው መነሻ ነው።

ዓለም አቀፉ ደረጃ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ንብረት እንዴት ይለካ የሚለውን በዝርዝር አያዝዝም። መግለጫው በቀጣይነት ታሳቢ አለመዘጋጀቱን፣ በምትኩ የተወሰደውን መነሻና ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍ ግን ያስገድዳል። የመዝጋት ውሳኔው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ፣ መግለጫው ከመጽደቁ በፊት ቢመጣስ? አብዛኛውን ጊዜ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ የተፈጠረ አዲስ ነገር ያለፈውን ዓመት ቁጥር አይነካም። ለዚህ ጉዳይ ግን ደንቡ የተለየ ነው፤ ዲሴምበር 31 ላይ በሙሉ ጤንነት ሲሠራ የነበረ ፋብሪካ በፌብሩዋሪ ለመዝጋት ከወሰነና መግለጫው ገና ካልጸደቀ፣ ያለፈው ዓመት መግለጫውም የሚዘጋ ድርጅት መግለጫ ሆኖ ከሥር ይሠራል።