ያገለገለ ስልክ ስትሸጡ «ባትሪው አሪፍ ነው» ብቻ አትበሉ

ከዳባት መጥቶ ደባርቅ ላይ ስልክ የገዛ ሰው በማግሥቱ «30 ፐርሰንት እያለው ጠፋ» ብሎ ቢመልሰው፣ ሻጩም ገዢውም ላይዋሹ ይችላሉ። ያረጀ ባትሪ ብርድ ሲነካው ካሜራ እንደተከፈተ የሚፈለገውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል፤ ሞቅ ያለ ሱቅ ውስጥ ግን ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። በጠዋት፣ ከሱቁ ደጅ፣ ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ለ1 ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱ፤ መሀል ላይ ካሜራውን ክፈቱ። ያያችሁትን ደረሰኙ ላይ ጻፉ፦ «በ1 ሰዓት 22 ፐርሰንት ወረደ፤ ባትሪው አልተቀየረም፤ ስክሪኑ ተቀይሯል፤ አሻራ አይሠራም።» አይፎን ከሆነ Battery Health ላይ ያለውን ቁጥር ጨምሩ፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ቀንሱ። ገዢው አንብቦ ይፈርም፤ አንድ ቅጂም ይያዝ።