ጨረቃ አንድ ሆና ባሕር በቀን ሁለቴ የሚሞላው ለምንድነው?

ቲክቶክ ላይ የሚዞር አንድ ቪዲዮ አለ፤ ሳታዩት አትቀሩም። የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተኝተዋል፣ ውኃ የሚባል ነገር በአካባቢው አይታይም። ቪዲዮው ይፈጥናል፣ ባሕሩ ቀስ እያለ ይገባል፣ ጀልባዎቹ ተነስተው ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ውኃው ተመልሶ ይወጣና ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ቁጭ። በእውነተኛው ሰዓት ይህ ሁሉ የሚፈጀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ነገር እጅግ ጎልቶ የሚታየው ካናዳ ውስጥ፣ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በሚባል ቦታ ነው።

ቪዲዮውን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ 9ኛ ክፍል ነች። የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚመጣው በጨረቃ ስበት እንደሆነ ታውቃለች፣ ተምራዋለች። ያስጨነቃት ሌላ ነው። «እሺ፣ ጨረቃ ከሳበችው ውኃው እሷ ባለችበት በኩል ይሙላ። በጀርባ በኩልስ ምን አስነሳው? ጨረቃ አንድ አይደለችም እንዴ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። በማንኛውም ሰዓት ምድር ላይ ሁለት የሙላት አቅጣጫዎች አሉ፤ አንዱ ጨረቃ ባለችበት በኩል፣ ሌላው በተቃራኒው። ምድር ስትዞር አንድ የባሕር ዳርቻ በሁለቱም በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ አብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት ያያል። «ጨረቃ ትስባለች» የሚለው መልስ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። አንዳንዶች የጀርባውን ሙላት «ምድር ስትሽከረከር ውኃው ይወረወራል» ብለው ሊያልፉት ይሞክራሉ። የምድር ሽክርክሪት ግን በምድር ወገብ ዙሪያ ያለውን ውኃ ሁሉ ሌትም ቀንም በእኩል ነው የሚገፋው። ሁሌም እኩል የሆነ ነገር ደግሞ ጠዋት ሙላት፣ ቀትር ላይ ጉድለት አያመጣም።

ለእሷ የነገርኳት የሦስት መኪና ታሪክ ነው። ሦስት መኪኖች ወደ አዳማ በአንድ መስመር ተከታትለው እየሄዱ ነው እንበል። የፊተኛው በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር፣ የመሃሉ 60፣ የኋለኛው 58። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፣ ማንም ወደ ኋላ እየተመለሰ አይደለም። የመሃሉ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ብታዩ ግን የፊተኛው እየራቃችሁ ነው፤ ዞር ብላችሁ ብታዩ የኋለኛውም እየራቃችሁ ነው። ክፍተቱ በሁለቱም በኩል ይሰፋል።

አሁን የፊተኛው መኪና ለጨረቃ ቅርብ የሆነው ውኃ ነው፣ የመሃሉ ራሷ ምድር ናት፣ የኋለኛው ደግሞ በጀርባ በኩል ያለው ውኃ። ጨረቃ ሦስቱንም ትስባለች፤ ቅርቡን ጠንከር አድርጋ፣ መሃሉን መካከለኛ፣ ሩቁን ላላ አድርጋ። ቅርቡ ውኃ ምድርን ቀድሞ ይሄዳል። የጀርባው ውኃ ደግሞ ማንም ወደ ውጭ ሳይጎትተው፣ ምድር ከእሱ በላይ ስለተሳበች ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ምድር ላይ ቆመን ስናየው ሁለቱም ከፍ ያሉ ይመስለናል።

«ታዲያ ምድር ለምን ሄዳ ጨረቃ ላይ አትወድቅም?» አለች። ትወድቃለች፣ ሁሌም እየወደቀች ነው። ግን በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ጎን ስለምትጓዝ ውድቀቷ ትንሽ ክብ ጉዞ ይሆናል እንጂ ከጨረቃ ጋር አያጋጫትም። ጨረቃም በእኛ ዙሪያ የምትዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነገር ሁሉ በብር ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ቁጥሩን በብር ላስላው። ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ከምድር መሃል እስከ ላይኛው ገጽ ደግሞ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረቃ የምድርን መሃል የምትስብበትን ኃይል 10,000 ብር ደመወዝ ነው እንበል። በዚህ ሒሳብ ለቅርቡ ውኃ የሚደርሰው 10,340 ብር ገደማ ነው፣ ለሩቁ ደግሞ 9,680 ገደማ። ለሁሉም እኩል የደረሰው 10,000 ብር ባሕሩን ምንም አያደርገውም። የሁሉም ሰው ደመወዝ በእኩል ቢጨምር ማን ከማን እንደሚበልጥ አይቀየርም አይደል? ሙላቱን የሚሠራው የ340 እና የ320 ብሩ ልዩነት ነው።

ይህ እውነት መሆኑን የምታረጋግጠው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ምድርን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃው 178 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ሙላትን የሚያመጣው ስበቱ ራሱ ቢሆን ኖሮ ጨረቃን የሚያነሳት ሰው አይኖርም ነበር፤ ባሕሩ ፀሐይን ብቻ ይከተል ነበር። ግን ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ለእሷ የምድር ፊትና ጀርባ እኩል ሩቅ ናቸው ማለት ይቻላል። ከ10,000 ብር ላይ የምታበላልጠው 85 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። 85 ሳንቲም በ178 ሲባዛ 150 ብር ገደማ ይመጣል። ጨረቃ 340፣ ፀሐይ 150፤ ግዙፏ ፀሐይ ከግማሽ በታች ሆና ቀረች።

ግን 150 ብርም ቀላል አይደለም። ሙሉ ጨረቃና ጨረቃ አዲስ የምትወለድበት ጊዜ ላይ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ይሆናሉ፤ ሁለቱ ይደመሩና ወደ 490 ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ ሆና በምትታይበት ሳምንት ደግሞ ይቃረናሉና 190 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው ሰማይ አይቶ የሙላቱን መጠን መገመት ይችላል። የእስልምና ወር የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ፣ የዒድ አል ፈጥር ሰሞን ባሕሩ ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ዝቅ ብሎም ይጎድላል።

ሰዓቱም ከጨረቃ ጋር ነው የሚሄደው። ምድር አንዴ ዞራ እስክትመለስ ጨረቃ ትንሽ ወደፊት ሄዳ ትጠብቃታለች፤ እሷን ለመድረስ ምድር 50 ደቂቃ ገደማ መጨመር አለባት። ስለዚህ ሙላት ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ቀጣዩ ማታ 1፡25 ገደማ ነው፣ የነገው ደግሞ ጠዋት 1፡50 ገደማ።

እዚህ ላይ ልጅቷ ስልኳ ላይ ያለውን ቪዲዮ እያሳየች «ይቺ ትንሽ ልዩነት ይህን ሁሉ ውኃ አነሳችው?» ብላ አላመነችኝም። አለማመኗ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም ቀጥታ አላነሳችውም። 60 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ ጨረቃ በቀጥታ አናታችሁ ላይ ስትሆን ክብደታችሁን የምትቀንስላችሁ በ7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ማንም አይነሳም፣ ውኃም አይነሳም። ዋናው ሥራ የሚሠራው ወደ ጎን ነው፤ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ውቅያኖስ ላይ እያንዳንዷ የውኃ ክፍል በትንሹ ወደ ጎን ትገፋለች፣ የዚያ ሁሉ ድምር አንድ ቦታ ሲከማች ከፍታ ይሆናል። ምድር በሙሉ በጥልቅ ውቅያኖስ የተሸፈነች ቢሆን እንኳ ሒሳቡ የሚሰጠው የግማሽ ሜትር ገደማ ሙላት ብቻ ነው።

ታዲያ ፈንዲ ላይ ከየት መጣ? የሰላጤው ጫፍ ላይ፣ በርንትኮት ሄድ የሚባል ቦታ፣ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 16 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በሉት።

በሳፋ ውኃ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ውኃው ወዲህ ወዲያ ማለት ይጀምራል። የሚወዛወዘው ደግሞ በራሱ ፍጥነት ነው፤ ትንሽ ሳፋ ቶሎ ቶሎ፣ ትልቅ ሳፋ ቀስ እያለ። እርምጃችሁ ከውኃው ፍጥነት ጋር ከገጠመ በየእርምጃው እየጨመረ ሄዶ እግራችሁ ላይ ይፈሳል። ዥዋዥዌም እንደዚያ ነው፤ በትክክለኛው ሰዓት በአንድ ጣት ብትገፉት እንኳ ከፍ እያለ ይሄዳል።

የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ትልቅ ሳፋ ነው። ርዝመቱና ጥልቀቱ ተደምረው ውኃው ገብቶ ወጥቶ እስኪመለስ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ግፊት ደግሞ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ነው። ሁለቱ ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም፤ በየዙሩ ግፊቱ የሚደርሰው ውኃው ለመግባት በተዘጋጀበት ሰዓት ላይ ነው። መግቢያው ላይ መጠነኛ የነበረው ሙላት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሰላጤው እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጭምር፣ ያ የምታዩት ጉድ ይሆናል። ጨረቃ ገፊ ናት፤ ከፍታውን የወሰነው የሳፋው ቅርጽ ነው።

«ጣና ላይስ?» መምጣቱ የማይቀር ጥያቄ ነበር። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ዳርና በሌላው ዳር መካከል የጨረቃ ስበት የሚለያየው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው፣ ውኃ የሚያቀብለው ውቅያኖስም የለውም። ከጣና ከሃያ እጥፍ በላይ የሚሰፋው የሰሜን አሜሪካው ሱፐሪየር ሐይቅ እንኳ ሙላቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ባሕር ዳር ቆማችሁ ውኃው ከፍ ዝቅ ሲል ካያችሁ ነፋስ ነው።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን ቀይ ባሕር ነው። ረጅምና ጠባብ ስለሆነ እሱም እንደ ሳፋ ይወዛወዛል፤ የሰሜኑ ጫፍ ሲሞላ የደቡቡ ይጎድላል፣ የደቡቡ ሲሞላ የሰሜኑ ይጎድላል። ሳፋ ሲወዛወዝ ደግሞ ከፍና ዝቅ የሚሉት ዳርና ዳሩ ናቸው፣ መሃሉ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች በኩል ግማሽ ሜትር ገደማ ሙላትና ጉድለት ሲኖር፣ ፖርት ሱዳንና ጅዳ ያሉበት የባሕሩ መሃል ላይ የለም ማለት ይቻላል። ጅዳ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁና «ዓመታት እዚህ ኖርኩ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሞላ አላየሁም» ካላችሁ እመኑት፤ ያቺው ጨረቃ ናት፣ እሱ የቆመው ሳፋው መሃል ላይ ነው።