ለሚለይ ጎረቤት መታሰቢያ ሲሰጥ ስለሚደረገው ንግግር

በአማርኛ ስጦታ እንደ ተቀባዩ ስሙን ይለውጣል። ለታላቅ ሰው የሚቀርበው እጅ መንሻ ወይም ገጸ በረከት ነው፤ ለመንገደኛ የሚታሰርለት ስንቅ ይባላል፤ ሰፈር ለቆ ለሚሄድ ጎረቤት የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ «መታሰቢያ» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ስጦታ ከሁለቱ ይልቅ ንግግር ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ያለ ንግግር ቢሰጥ ሊያሳዝን ይችላል።

ጉርብትና ሒሳቡ ተዘግቶ የማያውቅ ግንኙነት ነው። ዛሬ በርበሬ የተበደረች ነገ እንጀራ ታበድራለች፤ ምግብ የመጣበትንም ሳሕን ባዶውን መመለስ በብዙ ቤት ነውር ነው። አንዱ ሁልጊዜ የሌላው ባለዕዳ ሆኖ ስለሚኖር መጠያየቁ አይቋረጥም። እንግዲህ በመለያየት ዕለት ትልቅ ስጦታ ማቅረብ «ዕዳችንን ከፈልን፤ ከእንግዲህ አንፈላለግም» የማለት መልክ ሊይዝ ይችላል። ተናጋሪው ይህን ትርጉም ከስጦታው ላይ ማንሣት አለበት።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ከቆዩት ሰፈሮች በአንዱ 20 ዓመት የኖሩ እናት በከተማው ዳር ወዳለ የጋራ መኖሪያ ቤት ይዛወራሉ እንበል። ዐሥራ ሁለት ያህል ጎረቤቶች መዋጮ ሰብስበው አንድ ጋቢ ይገዛሉ፤ የተረፈውን ገንዘብ በፖስታ አድርገው በጋቢው እጥፋት ውስጥ ይሸሽጉታል። የተዋሱት ምጣድና ወንፊት ቀደም ብሎ፥ ሰው ሳያይ፥ ወደየባለቤቱ ይመለሳል፤ ይህ በጉባኤው ላይ አይነሣም። ዳቦው ተቆርሶ አቦሉና ቶናው ከተጠጣ በኋላ አንድ ሽማግሌ ይነሡና እንዲህ ይላሉ፦

«እትዬ፥ ልንሰናበትዎ አልተሰበሰብንም፤ ጎረቤት በቤት እንጂ በልብ አይርቅም። አብሮ ሲኖር ማስቀየም አይቀርምና፥ በልጅ ጠብም ቢሆን፥ በአጥርም ቢሆን፥ ያስቀየምንዎ ካለ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉን። ውለታዎ በእኛ ላይ ነው፤ አንከፍለውም፤ ይዘነው እንኖራለን። ይህች ትንሽ ነገር ብርድ ሲመጣ እኛን እንድታስታውስዎ ናት።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው «አንከፍለውም» የሚለው ቃል ነው። ዕዳው እንዳለ መኖሩን ተናጋሪው በይፋ ይመሰክራል፤ ስጦታውንም «ትንሽ» ብሎ ከዕዳው ጋር እንዳይመዛዘን ያደርገዋል። ይህን አባባል ለትሕትና ብቻ የተነገረ አድርጎ መውሰድ ነገሩን ማሳነስ ነው። የይቅርታው ጥያቄ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሠራል፤ ውለታው ሳይዘጋ ቂሙ ብቻ እንዲዘጋ ያደርጋል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅለው በሚኖሩበት ሰፈር ተናጋሪው «አፉ በሉን» የሚለውንም ሲጨምር ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ጋቢው በእጅ ከመሰጠት ይልቅ በትከሻቸው ላይ ይደረባል። ባለአራት እጥፍ ልብስ ስለሆነ ይከብዳል፤ ያለበሱትም ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ጫፉን ያስተካክላሉ። ተቀባይቱ «ምነው ይህን ያህል ተቸገራችሁ» ብለው ጎንበስ ይላሉ፤ ይቅርታውንም መልሰው ይጠይቃሉ። ፖስታው በዚያ ሰዓት አይከፈትም።

ንግግሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ማን ስንት እንዳዋጣ መናገር ነው፤ ይህ ከተነገረ ስጦታው የሁሉ መሆኑ ቀርቶ የየሰዉ ይሆናል፤ አቅም ያጣውም ጎረቤት ያፍራል። ሌላው ረቂቅ ነው። ተናጋሪው ማመስገን ሲያበዛ ሳያስበው «ደግ ነበሩ፥ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ማለት ይጀምራል። በሕይወት ስላለ ሰው «ነበሩ» እየተባለ ሲደጋገም ንግግሩ የለቅሶ ቤት ቃል ይመስላል። ይህ መድረሱ በአድማጮች ይታወቃል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ይወስዳሉ፤ ከመካከላቸውም አንዷ «ኧረ አያርገው» ትላለች። ልምድ ያለው ሽማግሌ ስለዚህ «ደግ ነዎት» ይላል እንጂ «ነበሩ» አይልም፤ ወዲያውም ወደ ምርቃቱ ይሻገራል፦ «የገቡበት ቤት የሰላም ይሁን፤ ዐይን ለዐይን ያገናኘን።» ሁሉም «አሜን» ሲል በረካው ይቀዳል።

ይህ ሥርዐት ለሚዛወር ሁሉ እኩል አይስማማም። ብዙ ሰዎች ሰፈር ቢለውጡም በቀድሞ ዕድራቸው ይቀጥላሉ፤ ለኀዘንም ተመልሰው ይመጣሉ። ለእነዚህ ረጅም የስንብት ንግግር ማድረግ ከአባልነት እንደ ማስወጣት ሊቈጠር ስለሚችል፥ ሽማግሌው ምርቃቱን ብቻ ተናግሮ ይቀመጣል። ባሕር ማዶ ለሚሄድ ግን የይቅርታው ክፍል ይረዝማል፤ ከተሰበሰቡት መካከል በዕድሜ የገፉት ዳግመኛ ላያዩት ይችላሉና።